የማስታወቂያው ገንዘብ ፈጠነ ወይስ ዘገየ?

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሐበሻ ልብስ የሚሸጥ አንድ ሱቅ አለ እንበል። ባለቤቷ ቀሚሱን፣ ነጠላውንና ጋቢውን በድረ ገጽ ታሳያለች፤ ትዕዛዝ ሲመጣ በመላው አሜሪካ በፖስታ ትልካለች። ለሴፕቴምበር ወር የጉግል ማስታወቂያ 3,000 ዶላር መድባለች። በወሩ 6ኛ ቀን ጠዋት ሒሳቡን ስትከፍት ባለፉት አምስት ቀናት 860 ዶላር ወጥቷል። ደነገጠች። ወሩ 30 ቀን ነው፤ ለቀን 100 ዶላር ቢደርስ በአምስት ቀን 500 ነበር መውጣት የነበረበት። እንዲህ ከቀጠለ ገንዘቡ በ18ኛው ቀን ላይ ያልቃል፤ የቀረውን የወሩን ክፍል ሱቋ ያለ ማስታወቂያ ልትከርም ነው።

ማስታወቂያውን ከአዲስ አበባ ሆኖ የሚያስተዳድርላት የእህቷ ልጅ ነው። ያንኑ 860 ዶላር አይቶ ግን እሱ የደረሰበት ሐሳብ ተቃራኒ ነው። “አክስቴ፣ ዘግይተናል እኮ!” ይላታል።

ሁለቱም መደመርና ማካፈል አልተሳሳቱም። የተለያዩት 860ን ከምን ጋር እናስተያየው በሚለው ላይ ነው። በማስታወቂያ ሥራ ውስጥ ያሉ ሰዎች “ፔሲንግ” የሚሉት ቁጥጥርም ቢሆን ከዚህ ጥያቄ ብዙ አይርቅም፦ ለወሩ የተመደበው ገንዘብ በሚገባው ፍጥነት እየወጣ ነው ወይ?

የባለሱቋ መለኪያ በጣም የተለመደው ነው። እስከ ትናንት የወጣው ገንዘብ እስከ ትናንት መውጣት ለነበረበት ይካፈላል፤ “መውጣት የነበረበት” የሚባለው ደግሞ በጀቱ ለወሩ ቀናት እኩል ተከፋፍሎ የሚገኘው ነው። ውጤቱ አንድ ከሆነ ልክ ነው፣ ከአንድ ከበለጠ ፈጥኗል፣ ካነሰ ዘግይቷል። 860 ለ500 ሲካፈል 1.72 ይመጣል፤ በመቶኛ ሲነገር 172 ማለት ነው። ማንም ሰው በስልኩ ላይ በአንድ ደቂቃ ሊሠራው ስለሚችል ይወደዳል። ለአንዳንድ ንግዶች በቂም ነው። ዓመቱን ሙሉ ተመሳሳይ ደንበኛ ያለው የጥርስ ክሊኒክ በዚህ መለኪያ ብዙም አይሳሳትም።

ችግሩ ቀናቱን ሁሉ እኩያ አድርጎ መቁጠሩ ነው። ለፋሲካ የተገዛን በግ ለ55ቱ የጾም ቀናት እኩል ማካፈል ነው። ለሐበሻ ልብስ ሻጭ ደግሞ ሴፕቴምበር ከወሮች ሁሉ ይልቅ ወጣ ገባ ያለው ነው። እንቁጣጣሽ በ11ኛው ቀን፣ መስቀል በ27ኛው ቀን ይውላል። የጉግል ሒሳብ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ወር ብቻ ነው፤ የነሐሴን መጨረሻ፣ ጳጉሜንና የመስከረምን ሁለት ሦስተኛ በአንድ ወር ውስጥ ጨፍልቆ ይቆጥራል።

ስለዚህ የእህቷ ልጅ ወሩ ከመግባቱ በፊት ሌላ ነገር አድርጎ ነበር። ቀናቱን በክብደት ለያቸው።

አንድን ተራ ቀን 1 አለው። ከ1ኛው እስከ 8ኛው ቀን ያሉትን፣ ማለትም ከነሐሴ 26 እስከ ጳጉሜ 3፣ ለእያንዳንዳቸው 4 ሰጣቸው። በእነዚህ ቀናት ሰው ለእንቁጣጣሽ የሚለብሰውን ይፈልጋል፣ ያዛል። በ8ኛው ቀን ላይ ያቆመው ስለ ፖስታው ነው፤ ከዚያ በኋላ የታዘዘ ቀሚስ ለበዓሉ አይደርስም። ስለዚህ 9ኛውና 10ኛው ቀን ምንም እንኳ ለበዓሉ ቅርብ ቢሆኑ፣ ፍለጋውም ቢበዛ፣ ለዚች ሱቅ ተራ ቀናት ናቸው። ማስታወቂያውን የሚጫን ሰው ይኖራል፤ “እስከ በዓሉ ይደርሳል?” ብሎ አይቶ ይወጣል፣ የጠቅታው ዋጋ ግን ተከፍሏል። ለመስቀል ደግሞ ከ18ኛው እስከ 23ኛው ቀን ላሉት ስድስት ቀናት 2 ሰጣቸው። የቀሩት 16 ቀናት 1 ናቸው።

አሁን ድምሩ ይሠራል። ስምንት ቀን በ4 ሲባዛ 32፣ ስድስት ቀን በ2 ሲባዛ 12፣ 16 ቀን በ1 ሲባዛ 16፤ በጠቅላላው 60 ክብደት። 3,000 ዶላር ለ60 ሲካፈል አንዱ ክብደት 50 ዶላር ያወጣል። ተራው ቀን 50፣ የመስቀል መዳረሻው ቀን 100፣ የእንቁጣጣሽ መዳረሻው ቀን 200 ዶላር ደረሰው ማለት ነው።

በዚህ ዕቅድ መሠረት በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት መውጣት የነበረበት 1,000 ዶላር ነው። የወጣው 860። ስለዚህ ፍጥነቱ 86 በመቶ ብቻ ነው፤ ዘግይቷል። ከነገ ወዲያ በኋላ የበዓሉ በር ይዘጋል፤ የጎደለው 140 ዶላር ደግሞ ከወሩ ውድ ቀናት ላይ የጎደለ ነው።

ይህን ለመከታተል ልዩ ሶፍትዌር አያስፈልግም። በጉግል ሺትስ ወይም በኤክሴል ላይ አራት ዓምድ ይበቃል፦ ቀኑ፣ ክብደቱ፣ የታቀደው፣ የወጣው። የታቀደው በሲ፣ የወጣው በዲ ዓምድ ቢቀመጥና ቁጥሩ ከሁለተኛው ረድፍ ቢጀምር፣ የአምስቱን ቀን ፍጥነት የሚሰጠው ቀመር ይህ ነው፦

```
=SUM(D2:D6)/SUM(C2:C6)
```

ለዚህ ምሳሌ 0.86 ይመጣል። የዛሬውን ወጪ አለመጨመር ነው፤ ዛሬ ገና አላለቀም። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን አስተዳዳሪው አዲስ አበባ፣ ሒሳቡ ደግሞ በዋሽንግተን ሰዓት የተከፈተ ሲሆን ያሳስታል። በሴፕቴምበር በሁለቱ ከተሞች መካከል የሰባት ሰዓት ልዩነት አለ። አዲስ አበባ ላይ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ገና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ የጉግል “ዛሬ” ከጀመረ ሁለት ሰዓቱ ነው። ያንን ቁንጽል ቀን እንደ ሙሉ ቀን የቆጠረ ሰው በየጠዋቱ ዘግይተናል ማለቱ አይቀርም።

ባለሱቋ በ172ቱ ተመርታ ብታዝ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? የቀረው 2,140 ዶላር ለ25 ቀን ሲካፈል በቀን 86 ዶላር አካባቢ ነው። እሷ የቀኑን በጀት ወደዚያ ታወርደዋለች። ከበዓሉ በፊት የቀሩት ሦስት ቀናት በ200 ፋንታ በ86 ዶላር ያልፋሉ፤ ገበያው በሚሞቅበት ሰዓት ማስታወቂያዋ ከቀትር በፊት ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ እንቁጣጣሽ አልፎ ሁሉም ልብሱን ለብሶ ፎቶ ሲነሣ በቀን 86 ዶላር መፍሰሱን ይቀጥላል። በወሩ መጨረሻ ሒሳቡ በትክክል 3,000 ላይ ይዘጋል። የፍጥነት ሰንጠረዡም የሚያምር ይሆናል። የተሸጠው ቀሚስ ብቻ ያንሳል። በጀት በልኩ አለቀ ማለት በልኩ ሠራ ማለት እንዳልሆነ እዚህ ላይ ይታያል፤ ብዙ የወር መጨረሻ ሪፖርት ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚናገረው።

እሺ፣ ዘግይቷል። ለምን? ድምሩ ይህን አይናገርም፤ ቀን በቀን ማየት ያስፈልጋል። አምስቱ ቀናት እንዲህ ነበሩ፦ 195፣ 205፣ 190፣ 150፣ 120። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በዕቅዱ ላይ ናቸው። ውድቀቱ የጀመረው በ4ኛው ቀን ነው። ወጪ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዝቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ ገበያውን ወይም ዕቅዱን እንጠረጥር ነበር፤ ደህና ሲሄድ ቆይቶ በአንድ ቀን ሲሰበር ግን አንድ ሰው አንድ ነገር ነክቷል ወይም አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

የሚበላሹት ነገሮች ጥቂትና የታወቁ ናቸው። ባንኩ የክፍያ ካርዱን ሊከለክል ይችላል። ጉግል ከማስታወቂያዎቹ አንዱን ለደንቤ አይስማማም ብሎ ሊያግደው ይችላል። ብዙ የሚፈለገው ቀሚስ ከመጋዘን አልቆ የምርቱ ማስታወቂያ በራሱ ሊቆም ይችላል። በጉግል የማስታወቂያ ሒሳብ ውስጥ `Change history` የሚል ገጽ አለ፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ በሰዓቱ ይመዘግባል። ወጪ በድንገት ሲወርድ መጀመሪያ የሚከፈተው እሱ ነው።

እዚያ የተገኘው ደግሞ የሚያስቅ ነው። በ4ኛው ቀን ጠዋት ለአንድ ትዕዛዝ ሊከፈል የሚታሰበው አማካይ ዋጋ ከ18 ዶላር ወደ 12 ዝቅ ተደርጓል። የቀየረው የእህት ልጅ ራሱ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት አክስቱ ደውላ ነበር፤ “በሦስት ቀን 590 ዶላር! ገንዘቡ በወሩ መጀመሪያ ሊያልቅብኝ ነው እኮ፣ አንድ ነገር አድርግ እንጂ!” ብላው ነበር። እሱም እሷን ለማረጋጋት ቁልፉን ትንሽ አጠበቀው። በተሳሳተው መለኪያ የመጣው ፍርሃት በትክክለኛው መለኪያ የሚታየውን መዘግየት ፈጠረ።

ያ ቁልፍ እንዴት ወጪን እንደሚቀንስ ለማያውቅ አንባቢ፦ ጉግል ላይ አንድ ሰው “የሐበሻ ቀሚስ” ብሎ በፈለገ ቁጥር በቅጽበት ጨረታ ይካሄዳል። ለአንድ ትዕዛዝ ከ12 ዶላር በላይ አልከፍልም ያለ ሻጭ በየጨረታው የሚያቀርበው ዋጋ ይወርዳል፤ ይሸነፋል፤ ማስታወቂያው አይታይም፤ ገንዘቡም አይወጣም። በጀቱ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ጨረታው ያመልጣል።

ለዚህም ነው “ዘግይቷል” ሲባል የቀኑን በጀት ከፍ ማድረግ ብዙ ጊዜ ምንም የማይፈይደው። ጉግል ሁለቱን ምክንያቶች ለያይቶ የሚያሳይባቸው ሁለት ዓምዶች አሉት። `Search lost IS (budget)` የሚለው፣ ማስታወቂያው መታየት ሲችል በጀት በማነሱ ምክንያት ምን ያህል ጊዜ እንዳልታየ በመቶኛ ይናገራል። `Search lost IS (rank)` ደግሞ የቀረበው ዋጋ ወይም የማስታወቂያው ጥራት ስላልበቃ ያመለጠውን። የመጀመሪያው ከፍ ካለ ገንዘቡ አንሷል፤ በጀት ሲጨመር ወጪውም ይጨምራል። ሁለተኛው ከፍ ካለ በጀቱን እጥፍ ቢያደርጉት ያው ነው፤ መላ የሚፈለገው ለዋጋው ወይም ለማስታወቂያው ነው። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ደግሞ ማስታወቂያው በሚታይበት ሁሉ ታይቷል፤ የጠፋው ፈላጊው ነው። ወጪ ዘግይቷል ብሎ የሚጨነቅ ሰው ከእነዚህ ሦስት ቤቶች በየትኛው ውስጥ እንዳለ ሳያውቅ ምንም ባይነካ ይሻላል።

በሱቋ ሒሳብ ሁለተኛው ዓምድ ከ4ኛው ቀን ጀምሮ አሻቅቦ ነበር። የእህት ልጅ ዋጋውን ወደ 18 መለሰው። እስከ 8ኛው ቀን መውጣት ካለበት 1,600 ዶላር ላይ የወጣውን 860 ሲቀንስ 740 ቀረ፤ ለሦስት ቀን ሲካፈል ወደ 247 ዶላር። የቀኑን በጀት 245 አደረገው። ሦስቱ ቀናት 230፣ 245 እና 225 ዶላር ወሰዱ፤ 700። የ8ኛው ቀን ድምር 1,560 ሆነ፤ ከዕቅዱ 97 በመቶ ተኩል። ሙሉ በሙሉ አልተካሰም፤ የጉግል ሥርዓት ዋጋ ሲቀየርበት ለመላመድ ጊዜ ይፈልጋል፣ የበዓል ሳምንት ደግሞ አይጠብቅም።

እዚህ ላይ ስለ “የቀን በጀት” አንድ ነገር መነሣት አለበት፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው በዚህ በኩል ነውና። በጉግል ላይ ለቀን 100 ዶላር ብለው ሲጽፉ “በቀን ከ100 አይለፍ” እያሉ አይደለም። አማካይ ነው። ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት 2017 ጀምሮ ጉግል በአንድ ቀን የተጻፈውን እስከ እጥፍ ድረስ ሊያወጣ ይችላል፤ ፍለጋ በበዛበት ቀን 200፣ ቀዝቀዝ ባለበት ቀን 40 ሊሆን ይችላል። ወሩን የሚገድበው ሌላ ቁጥር ነው፦ የቀኑ በጀት በ30.4 ተባዝቶ። 30.4 የመጣው 365 ቀን ለ12 ወር ሲካፈል ነው። በቀን 100 የጻፈ ሰው በወር ከ3,040 ዶላር በላይ አይጠየቅም።

ይህ አጥር የሚያስተማምነው ግን ቁጥሩን ለማይነካ ሰው ነው። የእኛ ሱቅ በወሩ 1ኛ ቀን የቀኑን በጀት 200 ብላ ጀመረች፤ ስለዚህ ጉግል የሚያውቀው የወር ጣሪያ 6,080 ዶላር ነው፣ 3,000 የሚባል ቁጥር አልነገረችውም። በወሩ መሐል በጀት ሲቀየር ደግሞ ከዚያ በኋላ ሊወጣ የሚችለው አዲሱ የቀን በጀት በቀሩት ቀናት ተባዝቶ ነው። በ245 የቀን በጀት የ9ኛው ቀን ቢገባና አስተዳዳሪው ወደ 50 ማውረዱን ቢረሳ፣ ጉግል ለቀሩት 22 ቀናት ከ5,000 ዶላር በላይ ፈቃድ አግኝቷል ማለት ነው፤ በአንድ ቀን ደግሞ እስከ 490። በክብደት ማቀድ የተሻለ ነው ስል ይህን ዋጋ ደብቄ አይደለም። ዕቅዱን በየጊዜው ወደ ሒሳቡ የሚያስገባ ንቁ ሰው ይፈልጋል፤ የሰዓት ልዩነቱም አብሮ ይቆጠራል። የ8ኛው ቀን በሲልቨር ስፕሪንግ የሚያልቀው አዲስ አበባ ላይ ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን ነው፤ በጀቱን የሚያወርደው ሰው ያን ሰዓት መነሣት አለበት።

ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ የሚያስተዋውቁም ከዚህ አያመልጡም። ሜታም የቀን በጀትን እንደ አማካይ ነው የሚያየው፤ በአንድ ቀን ሊያልፈው ይችላል፣ የሳምንቱ ድምር ግን ከሰባት እጥፉ አይበልጥም። የእሱ አጥር በሳምንት ስለሆነ ከጉግል ይጠብቃል። ከዚህም በላይ ሒሳቡ በሙሉ ከዚህ ገንዘብ እንዳያልፍ የሚል ጣሪያ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሲደርስ ማስታወቂያው ሁሉ ይቆማል። የሚረሱ ሰዎች ቢያስቀምጡት ይበጃል።

ወደ ሱቋ እንመለስ። በ9ኛው ቀን ጠዋት አንድ ሌላ ቁጥር ደግሞ ሊያስደነግጥ ይችል ነበር። ብዙ የመከታተያ ሰንጠረዦች የወሩን መጨረሻ የሚተነብዩት ያለፉትን ሰባት ቀናት አማካይ በቀሩት ቀናት አባዝተው ነው። የሰባቱ ቀን አማካይ 195 ነበር፤ በ22 ሲባዛና የወጣው 1,560 ሲጨመርበት 5,850 ዶላር ይሆናል። ከበጀቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ያ ትንበያ ያለፈው ሳምንት እንደሚደገም ያምናል፤ በዓል ግን ሳምንት ሳምንት አይመጣም። እኔ ይህን ትንበያ ፈጽሞ አልጥለውም፤ ቁልፉን ማውረድ ለረሳ ሰው የመጀመሪያው ደወል እሱ ነው። ወጪው በ9ኛውና በ10ኛው ቀን ወደ 50 ዶላር ወርዶ ካዩ ትንበያውን ችላ ማለት ይችላሉ።

ወርዶ ነበር። እስከ 17ኛው ቀን ድረስ 430 ዶላር ወጣ፤ ዕቅዱ 450 ነበር። 20 ዶላር ማንም አይጨነቅበትም። ምን ያህል ልዩነት ቢኖር ነው የሚያሳስበው ለሚለው ብዙ ባለሙያዎች ወደላይም ወደታችም አሥር በመቶ ይላሉ፤ ለእኔ ግን መቶኛው ብቻውን አይበቃም። በወሩ 2ኛ ቀን ላይ አሥር በመቶ ማለት ለዚች ሱቅ 40 ዶላር ነው፤ በ25ኛው ቀን ላይ ግን ከ270 ዶላር በላይ ነው፣ ለመካስ የቀረው ደግሞ አምስት ቀን። መጀመሪያ ላይ ሰፊ፣ ወደ መጨረሻው ጠባብ ልዩነት መፍቀድ ይሻላል።

ከ18ኛው ቀን በኋላ ያለው ታሪክ ግን ሌላ ነው። ለመስቀል መዳረሻ ስድስት ቀናት 600 ዶላር ታቅዶ ነበር፤ የወጣው 410። የእህት ልጅ `Change history`ን ከፈተ፤ ማንም ምንም አልነካም። ካርዱ ይሠራል፣ ማስታወቂያዎቹ ተፈቅደዋል፣ ቀሚሶቹ መጋዘን ውስጥ አሉ። ሁለቱን ዓምዶች አየ፤ ሁለቱም ዝቅ ብለዋል። ቀን በቀን ያለው ወጪም ድንገት የተሰበረበት ቦታ የለም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ 70 ዶላር አካባቢ ነው። የአንድ ትዕዛዝ ዋጋ አልጨመረም። ሦስተኛው ቤት ውስጥ ናቸው ማለት ነው፤ የሚፈልገው ሰው በሙሉ አይቶታል፣ ከዚያ በላይ ሰው የለም። ለእንቁጣጣሽ አዲስ ቀሚስ የገዛች ሴት ለመስቀል ያንኑ ትለብሳለች። እዚህ ላይ የተሳሳተው ወጪው ሳይሆን ዕቅዱ ነው። ለመስቀል የተሰጠው 2 ክብደት በዝቶ ነበር።

ይህን ልዩነት መለየት የዚህ ሥራ ዋና ችሎታ ይመስለኛል። ሰንጠረዡ በሁለቱም ጊዜ “ዘግይቷል” ብሎ ነው የሚጽፈው። በመጀመሪያው ሳምንት መዘግየቱ ተጠግኖ ገንዘቡ ወደ ሥራ ተመለሰ፤ በአራተኛው ሳምንት ግን የሚጠገን ነገር የለም።

በ24ኛው ቀን ጠዋት የወጣው ድምር 2,400 ነው፤ ሰባት ቀንና 600 ዶላር ቀርቷል። ዕቅዱ ለሰባቱ ቀን የሚሰጠው 350 ብቻ ስለሆነ 250 ዶላር ትርፍ ሆኗል። “ለወሩ መድቤዋለሁ፤ ይውጣ እንጂ፣ ለምን ይቀመጣል?” ትላለች አክስት። ይህ አባባል በትልልቅ ድርጅቶችም ይሰማል፤ እዚያማ ያልወጣ በጀት በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሊቀነስ ስለሚችል በወሩ መጨረሻ ገንዘብ መበተን የተለመደ ነው። ክፍያቸው ከወጪው በመቶኛ የሚታሰብላቸው ኤጀንሲዎችም ያልወጣ ገንዘብ አይወዱም። ሻጭ ኤጀንሲውን “በወሩ መጨረሻ ሳምንት የአንድ ትዕዛዝ ዋጋ ስንት ነበር?” ብሎ ቢጠይቅ መብቱ ነው።

250ውን ለማውጣት መንገዱ አለ። የፍለጋ ቃላቱን ማስፋት፣ ለምሳሌ “የሐበሻ ቀሚስ” ብቻ ሳይሆን “የአፍሪካ ልብስ” የሚለውንም መጨመር። ወይም ለአንድ ትዕዛዝ የሚከፈለውን ከ18 ወደ 30 ዶላር ከፍ ማድረግ። ገንዘቡ ያልቃል። ግን የሚመጣው ተጨማሪ ትዕዛዝ ከፊተኞቹ የበለጠ ውድ ነው፤ “የአፍሪካ ልብስ” ብሎ የሚፈልግ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ጥበብ ቀሚስ ስላልሆነ ተጭኖ ይወጣል። በአንድ ቀሚስ ላይ 25 ዶላር የምታተርፍ ሻጭ ለትዕዛዙ 30 ከፍላ ብትሸጥ በእያንዳንዱ አምስት ዶላር ትከስራለች።

ስለዚህ የእህት ልጅ 250ውን እንድታስቀምጠው ነገራት። ገና ጃንዋሪ 7 ላይ ነው፤ የልብሱ ገበያ እንደገና የሚሞቀው በዲሴምበር መጨረሻ ነው፤ ያን ጊዜ ያ ገንዘብ አንድ ሙሉ የበዓል መዳረሻ ቀን ከነትርፉ ይሸፍናል። እሷም አጉረመረመችና ተስማማች። ወሩ በ2,745 ዶላር ተዘጋ። በተራው መለኪያ 91 በመቶ ተኩል ነው፤ ደካማ ወር ይባላል።

የቀረው ሥራ የሰንጠረዡ ነው። ለስድስቱ የመስቀል ቀናት የወጣው አማካይ 68 ዶላር ስለነበር፣ ለመጪው ዓመት ክብደቱ ከ2 ወደ 1.4 ዝቅ ይላል። የእንቁጣጣሹ 4 ባለበት ይቆይ፤ በ4ኛውና በ5ኛው ቀን የወረደው በቁልፉ እንጂ በገበያው ስላልሆነ የእነዚያ ሁለት ቀናት ወጪ ለመጪው ግምት አይቆጠርም። ክብደቶቹን ደግሞ በቀን ቁጥር መገልበጥ አያዋጣም፤ ከበዓሉ ወደ ኋላ እየቆጠሩ ማስቀመጥ ነው የሚሻለው። ጳጉሜ ስድስት በምትሆንበት ዓመት እንቁጣጣሽ በአንድ ቀን ይገፋል፤ በእ.ኤ.አ. 2027 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ነው፣ መስቀልም 28። በቀን ቁጥር የተገለበጠ ዕቅድ በዚያ ዓመት ማስታወቂያውን በ8ኛው ቀን ማታ ይቀንሰዋል፤ ለበዓሉ የሚደርስ ትዕዛዝ የሚቀበሉበት የመጨረሻው ቀን ግን 9ኛው ነው።